የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ነው? የብድርን የአሁን ዋጋ በሁለት መንገድ ማስላት

የብድር ውል ሲቀርብልዎ ዐይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው በወለዱ መጠን ላይ ነው፤ ቀጥሎ በወርኃዊ ክፍያው። የመጀመሪያው ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። ቀኑ ተራ የአሠራር ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ወርኃዊ ክፍያው በወር መጨረሻ እንደሚከፈል ሆኖ ተሰልቶ የመጀመሪያው ክፍያ ውሉ በተፈረመበት ዕለት ከተወሰደ፣ 18 በመቶ የተባለው የሁለት ዓመት ብድር በእውነቱ 19.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። በውሉ ላይ ያለው ቁጥር አልተለወጠም፤ ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው ግን ተለውጧል። ይህን ልዩነት በስልክዎ ካልኩሌተር ራስዎ ማውጣት ይችላሉ።

ለማሳያ የሚሆነን ብድር ይህ ነው። አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት የስፌት መኪናዎችና ጨርቅ ለመግዛት 500,000 ብር ልትበደር ነው እንበል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ሲሆን በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል። ብድሩ በ24 እኩል ወርኃዊ ክፍያዎች ያልቃል። ጥያቄው በወር ስንት ትከፍላለች የሚል ነው፤ መልሱም የመጀመሪያውን ክፍያ ዛሬ ወይስ ከአንድ ወር በኋላ ትከፍላለች በሚለው ላይ ይንጠለጠላል።

በእኩል የጊዜ ርቀት የሚከፈል እኩል ገንዘብ በሂሳብ ትምህርት አኑዩቲ ይባላል። እያንዳንዱ ክፍያ በወሩ መጨረሻ ሲሆን ኦርዲነሪ አኑዩቲ፣ በወሩ መጀመሪያ ሲሆን ደግሞ አኑዩቲ ዱ ነው። የአብዛኛው ብድር ክፍያ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ወለድ የሚታሰበው ገንዘቡን ከተጠቀሙበት በኋላ ስለሆነ ይህ ተገቢም ነው። የቤት ኪራይና የኢንሹራንስ አረቦን ግን አስቀድመው ስለሚከፈሉ ሁለተኛው ዓይነት ውስጥ ይገባሉ።

መጀመሪያ፦ የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ያምጡ

ወደ ብድሩ ከመግባትዎ በፊት ሐሳቡን በሦስት ክፍያዎች ብቻ ይሞክሩት። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ነው፤ በየዓመቱ 10,000 ብር ለሦስት ዓመት ይከፈላል። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚከፈል 10,000 ብር ዛሬ ስንት ያወጣል? ዛሬ 9,090.91 ብር በ10 በመቶ ቢያስቀምጡ በዓመቱ 10,000 ይሆናል፤ ስለዚህ የአሁን ዋጋው 9,090.91 ነው። ይህን የሚያገኙት 10,000ን ለ1.10 በማካፈል ነው። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ለ1.10 ሁለት ጊዜ ይካፈልና 8,264.46 ይሆናል። የሦስተኛው ዓመት ሦስት ጊዜ ተካፍሎ 7,513.15 ይመጣል። ሦስቱ ሲደመሩ 24,868.52 ብር ነው።

አሁን ያንኑ ገንዘብ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይክፈሉት። የመጀመሪያው 10,000 ዛሬ ስለሚከፈል ለምንም አይካፈልም፤ ሙሉ 10,000 ነው። ሁለተኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ስለሚከፈል 9,090.91፣ ሦስተኛው ደግሞ 8,264.46 ይሆናል። ድምሩ 27,355.37 ብር ነው።

ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን ያድርጓቸው። 24,868.52ን በ1.10 ቢያባዙ 27,355.37 ያገኛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለመጣ ሁሉም ለ1.10 የመካፈል አንድ ዙር ቀርቶላቸዋል። ክፍያዎቹ ሦስትም ይሁኑ ሦስት መቶ፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ የአንድ ጊዜ ወለድ ብቻ ነው። ይህን ከያዙ ሁለተኛውን ቀመር መሸምደድ አያስፈልግዎትም። የመጀመሪያውን አስልተው በአንድ ሲደመር ወለድ ያባዙታል።

ሁለተኛ፦ ብድሩን በወር መጨረሻ ክፍያ ያስሉ

24 ክፍያዎችን አንድ በአንድ ወደ ዛሬ ማምጣት አሰልቺ ስለሆነ ቀመሩን እንጠቀማለን። R ወርኃዊው ክፍያ፣ i የአንድ ወር ወለድ፣ n የክፍያዎቹ ብዛት፣ PV የአሁኑ ዋጋ ነው።

```
PV = R × (1 − (1 + i)^−n) / i
```

በብድር ላይ የአሁኑ ዋጋ ሌላ ምንም አይደለም፤ ዛሬ የሚሰጥዎ ዋናው ገንዘብ ነው። አበዳሪው 500,000 ብር የሚሰጠው የ24ቱ ክፍያዎች የአሁን ዋጋ 500,000 ስለሆነ ነው። ስለዚህ PVን እናውቃለን፤ የምንፈልገው Rን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዓመቱን ወለድ ወደ ወር መለወጥ ነው። 18ን ለ12 ሲያካፍሉ 1.5 በመቶ፣ ማለትም 0.015 ያገኛሉ። ክፍያው በወር ከሆነ ወለዱም የወር መሆን አለበት። 0.18ን እንዳለ ያስገባ ሰው በወር ከ90,000 ብር በላይ የሆነ ክፍያ ስለሚወጣለት ስህተቱን ወዲያው ያየዋል።

ቀጥሎ 1.015ን 24 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው። የስልክዎ ካልኩሌተር የኃይል ቁልፍ ካለው ቀላል ነው። ከሌለው በአጭር መንገድ ይሂዱ። 1.015ን በራሱ ያባዙ፤ ውጤቱን እንደገና በራሱ፤ ያንንም እንደገና በራሱ። ሦስት ጊዜ ይህን ሲያደርጉ የስምንት ወር ቁጥር የሆነውን 1.126493 ያገኛሉ። እሱን ሦስት ቦታ ጽፈው እርስ በርሱ ሲያባዙት የ24 ወሩ 1.429503 ይመጣል።

አሁን 1ን ለ1.429503 ያካፍሉ፤ 0.699544 ነው። ከ1 ላይ ሲቀንሱት 0.300456 ይቀራል። ይህን ለ0.015 ሲያካፍሉ 20.0304 ያገኛሉ። ይህች ቁጥር የጉዳዩ ቁልፍ ናት። በየወሩ መጨረሻ ለ24 ወር የሚከፈል አንድ ብር ዛሬ 20.0304 ብር ያወጣል ማለት ነው።

ወርኃዊው ክፍያ እንግዲህ 500,000 ለ20.0304 ሲካፈል ነው፤ በሙሉ አኃዝ ሲሠራ 24,962.05 ብር። በ24 ሲባዛ 599,089.20 ብር ስለሚሆን ጠቅላላው ወለድ 99,089.20 ነው።

በመካከል ያሉትን ቁጥሮች አያሳጥሩ። 1.429503ን 1.43 ብለው ቢቀጥሉ ወርኃዊው ክፍያ 24,941.86 ይወጣል፤ ከትክክለኛው በ20 ብር ያንሳል። ከዚያ የባንኩን ሰንጠረዥ ሲያዩ አበዳሪው የጨመረብዎ ይመስልዎታል። ቢያንስ ስድስት አኃዝ ከነጥቡ በኋላ ይያዙ፤ የሚያሳጥሩት በመጨረሻው መልስ ላይ ብቻ ነው።

መልሱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በእጅ ይሥሩ። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የ500,000 ብር ወለድ 7,500 ነው። ከ24,962.05 ላይ 7,500 ወጥቶ የቀረው 17,462.05 ከዋናው ላይ ይቀነሳል፤ ቀሪው ዕዳ 482,537.95 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ 7,238.07 ነው፤ ቀሪው ዕዳ 464,813.97 ላይ ይወርዳል። ወለዱ ከወር ወር እየቀነሰ መሄዱን ልብ ይበሉ። በተሰጠዎ ሰንጠረዥ የሁለተኛው ወር ወለድ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከሆነ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ዋና ገንዘብ ላይ ነው። ያ ሌላ ዓይነት ብድር ነው፤ እጅግም ይወደዳል፤ ይህ ቀመርም አያገለግለውም።

በሰንጠረዡ ላይ የመጀመሪያው ወር ወለድ በትክክል 7,500 ካልሆነ ወዲያው አይደንግጡ። ወለድን በቀን የሚያስብ አበዳሪ በ365 ቀን ሲያካፍል ለ31 ቀን ወር 7,643.84፣ ለ30 ቀን ወር ደግሞ 7,397.26 ብር ያወጣል። ልዩነቱ በዓመቱ ውስጥ ይካካሳል።

ሦስተኛ፦ ያንኑ ብድር በወር መጀመሪያ ክፍያ ያስሉ

አሁን ባለቤቷ የመጀመሪያውን ክፍያ ገንዘቡን በተቀበለችበት ዕለት፣ የቀሩትን 23 ደግሞ በየወሩ በዚያው ቀን ትከፍላለች እንበል። ቀመሩ ያው ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ማባዣ ተጨምሮለታል።

```
PV = R × (1 − (1 + i)^−n) / i × (1 + i)
```

20.030405ን በ1.015 ያባዙ፤ 20.330861 ያገኛሉ። 500,000 ለዚህ ሲካፈል ወርኃዊው ክፍያ 24,593.15 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው በ368.90 ብር ያነሰ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የአሁኑ ዋጋ ሲፈለግ በ1.015 እናባዛለን፤ ክፍያው ሲፈለግ ግን ለ1.015 እናካፍላለን። 24,962.05ን ለ1.015 ቢያካፍሉ በቀጥታ 24,593.15 ያገኛሉ። የትኛውን እንደሚያደርጉ ከጠፋዎት ነገሩን ራሱን ያስቡት፤ ቀደም ብሎ የሚከፍል ሰው ያነሰ መክፈል አለበት። ያገኙት ክፍያ ከወር መጨረሻው ከበለጠ አቅጣጫውን ስተዋል።

ይህንንም በእጅ ያረጋግጡ። በመጀመሪያው ቀን የተከፈለው 24,593.15 ወለድ የለበትም፤ ገንዘቡ አንድ ቀን እንኳ አልቆየምና። ሙሉው ከዋናው ላይ ስለሚቀነስ ዕዳው 475,406.85 ይሆናል። ከአንድ ወር በኋላ የዚህ ወለድ 7,131.10 ነው፤ ከክፍያው ላይ ሲወጣ 17,462.05 ለዋናው ይቀራል፤ ዕዳውም 457,944.80 ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ክፍያ ወለድ ካለበት ሰንጠረዡ ስህተት ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? በሁለተኛው መንገድ ጠቅላላው ክፍያ 590,235.60 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው በ8,853.60 ያንሳል። ይህን አይቶ በወር መጀመሪያ መክፈል ርካሽ ነው ብሎ መደምደም ግን ትክክል አይደለም። ባለቤቷ በእጇ የያዘችው 500,000 አልነበረም፤ በአንድ እጇ ተቀብላ በሌላው 24,593.15 መልሳለች። ለጨርቅና ለመኪና የሚውለው ገንዘብ 475,406.85 ብቻ ነው። ያነሰ ወለድ የከፈለችው ያነሰ ገንዘብ ስለተጠቀመች ነው፤ የወለዱ መጠን በሁለቱም 1.5 በመቶ በወር ነው። ሁለቱ ክፍያዎች በዛሬ ዋጋቸው እኩል ናቸው።

ስለዚህ ምርጫው የዋጋ ሳይሆን የገንዘብ ፍሰት ጉዳይ ነው። ለመኪናዎቹ 500,000 ብር ሙሉ የሚያስፈልጋት ከሆነ በወር መጀመሪያ በሚከፈል ብድር ያንን ያህል በእጇ እንዲቀር ከ500,000 በላይ መበደር አለባት። በእኔ እምነት አዲስ ሥራ ለሚጀምር ሰው የወር መጨረሻው ይሻላል። የመጀመሪያው ክፍያ ከመድረሱ በፊት መኪናው ቢያንስ አንድ ወር ይሠራል።

ጥያቄውን ገልብጠውም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በወር 20,000 ብር መክፈል ከቻሉ ምን ያህል መበደር ይችላሉ? በወር መጨረሻ ከሆነ 20,000ን በ20.030405 ያባዙ፤ 400,608 ብር ነው። በወር መጀመሪያ ከሆነ በ20.330861 ያባዙ፤ 406,617 ብር። ሁለተኛው የበለጠ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ቀን 20,000 ወዲያው ስለሚመለስ ግን በእጅ የሚቀረው 386,617 ነው።

አራተኛ፦ ሁለቱ መደባለቃቸውን ይፈትሹ

እስካሁን ያየናቸው ሁለቱም ብድሮች ትክክለኛ ናቸው። ጉዳት የሚመጣው ሲደባለቁ ነው፤ ክፍያው በመጀመሪያው መንገድ ተሰልቶ በሁለተኛው ሲሰበሰብ። ባለቤቷ በወር 24,962.05 ትከፍላለች ተብሎ ተጻፈ፤ ይህ የወር መጨረሻ ክፍያ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ክፍያ ተቀንሶ 475,037.95 ብር ብቻ ሂሳቧ ውስጥ ገባ። ተበዳሪው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ አንዱን ወር አስቀድመው ጨረሱ የሚል ነው።

የተፈጸመው ግን ይህ ነው። ባለቤቷ 475,037.95 ብር ተበድራ በ23 ወር መጨረሻዎች 24,962.05 ትከፍላለች። በ1.5 በመቶ የ23 ወሩ ማባዣ 19.330861 ነው። 24,962.05 በዚህ ሲባዛ 482,537.95 ይሆናል፤ በተባለው ወለድ በእጇ መግባት የነበረበት ያ ነው። የገባው በ7,500 ብር ያንሳል። ይህች 7,500 ምን እንደሆነች ያስተውሉ፤ የ500,000 ብር የአንድ ወር ወለድ ናት። ያልተጠቀመችበትን ወር ወለድ ዛሬ ከፍላለች።

እውነተኛው ወለድ ስንት እንደሆነ በቀጥታ የሚሰጥ ቀመር የለም፤ እየሞከሩ ነው የሚጠጉት። 475,037.95ን ለ24,962.05 ያካፍሉ፤ 19.030405 ነው። ይህን የሚሰጥ የ23 ወር ማባዣ የትኛው ወለድ ላይ ነው? በ1.5 በመቶ 19.3309 ነበር፤ ስለዚህ ከፍ ያድርጉት። በ1.64 በመቶ 19.0317 ይመጣል፤ ሊገጥም ጥቂት ቀርቶታል። መልሱ 1.6406 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ በ12 ሲባዛ በዓመት 19.69 በመቶ ነው።

የብድሩ ጊዜ ሲያጥር ጉዳቱ ይከፋል፤ ሲረዝም ይቀንሳል። ያው አንድ ወር ወለድ ለ6 ወር ብድር ሲታከልና ለ60 ወር ሲታከል አንድ አይደለምና። ስለዚህ አጭር ብድር የሚወስዱ ሰዎች ይህን ፍተሻ ይበልጥ ይፈልጉታል።

አምስተኛ፦ በኤክሴል ያረጋግጡ

ኮምፒውተር ካለዎት ሥራው በሦስት መስመር ያልቃል። በኤክሴል የመጨረሻው ቁጥር ክፍያው የሚፈጸምበትን ጊዜ ይነግረዋል፤ 0 የወር መጨረሻ፣ 1 የወር መጀመሪያ ነው። ምንም ካልጻፉ 0 እንደሆነ ይቆጥረዋል፤ ስህተት በዝምታ የሚገባው በዚህ በር ነው።

```
=PMT(0.015,24,-500000,0,0)
=PMT(0.015,24,-500000,0,1)
=RATE(24,-24962.05,500000,0,1)
```

የመጀመሪያው 24,962.05፣ ሁለተኛው 24,593.15 ይሰጥዎታል። ሦስተኛው የተደባለቀውን ብድር እውነተኛ ወርኃዊ ወለድ ያወጣል፤ ሴሉን በመቶኛ ከሁለት አኃዝ ጋር ሲያሳዩት 1.64% ያያሉ። ያለ አኃዝ ከተዉት 2% ብሎ ያሳስትዎታል። በ RATE ውስጥ የሚቀበሉትና የሚከፍሉት ገንዘብ ተቃራኒ ምልክት ሊኖራቸው ይገባል፤ ሁለቱንም በፖዘቲቭ ካስገቡ #NUM! ይልዎታል።

ወደ አበዳሪው ሲሄዱ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመጀመሪያው ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን፤ ሁለተኛው ብድሩ በተለቀቀበት ዕለት በሂሳብዎ ውስጥ የሚገባው ትክክለኛ የብር መጠን። ሁለቱንም በጽሑፍ ያግኙ። ቀኑ የፊርማው ዕለት ከሆነና ክፍያው 24,962.05 ከተባለ፣ ወይ ክፍያው ወደ 24,593.15 እንዲወርድ፣ ወይ የመጀመሪያው ክፍያ በአንድ ወር እንዲራዘም ይጠይቁ። የብድር ባለሙያው እምቢ ካለ የሌላውን አበዳሪ ዋጋ ከ18 በመቶ ጋር ሳይሆን ከ19.69 በመቶ ጋር ያነጻጽሩ።